ባለ 15 ብሩ ሳምሰንግ

ከዚራ ሞባይል የሚሸጥ ወዳጅ አለኝ። የድሬ ሰው ከምሳ በኋላ ሙቀቱን ሸሽቶ ጋደም ሲል፣ እሱ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሶ ፓይተን ይማራል። ለዚህ ያበቁት የታይዋን ገበያ ነጋዴዎች ናቸው። ዋጋቸውን ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ፤ ደንበኛው ደግሞ ስልኩን አፍንጫው ስር ይደቅንና «አቦ፣ እነሱ ጋ እኮ በዚህ ነው!» ይለዋል።

ለሁሉም ክፍት የሆነ ቻናል በድረ ገጽም ይነበባል። `t.me/s/` ብሎ የቻናሉን ስም ማስከተል ብቻ ነው። የወዳጄ ፕሮግራም ያንን ገጽ ያወርድና ከየልጥፉ ያገኘውን የመጀመሪያ ቁጥር ዋጋ ብሎ ይመዘግባል።

አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠራኝ። «ዋርያ! ሳምሰንግ በ15 ብር እየሸጡ ነው!»

ልጥፉን አየነው፦ `Samsung A15 128GB 18,500 ብር`። ፕሮግራሙ አልዋሸም፤ የመጀመሪያው ቁጥር የሞዴሉ ስም ውስጥ ያለው 15 ነው። መፍትሔው «ብር» የሚከተለውን ቁጥር ብቻ ውሰድ ማለት ነበር፦

```python
m = re.search(r'([\d,]+)\s*ብር', text)
if m:
    price = int(m.group(1).replace(',', ''))
```

ኮማዋ ካልተነሳች `int` አይቀበላትም። እንዲህም ሆኖ «2,000 ብር ቅናሽ!» የሚል ልጥፍ ሲመጣ ስልኩ 2,000 ብር ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ዋጋው ከትናንቱ በሲሶ ከተለወጠ፣ ከመመዝገቡ በፊት ሰው ይየው የሚል መስመር ጨመረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከፕሮግራሙ ሁሉ ብልሁ መስመር ይሄ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጣጣ የሐበሻ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ሱቁን ሲከፍት ፕሮግራሙ ራሱ እንዲነሳ ክሮን ላይ `0 1 * * *` ብሎ ጻፈ። ለኮምፒውተሩ ግን 1 ማለት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ላፕቶፑ ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ክሮን ደግሞ ያለፈውን ቀጠሮ አያካክስም፣ ስህተት ተፈጠረ ብሎም አይጮህም። ወዳጄ የነቃው የዋጋው ፋይል ቀኑ አልቀየር ሲለው ነው። `0 7 * * *` ሲለው ተስተካከለ።

አሁን ሻሂያችንን እየጠጣን ሰንጠረዡን እናያለን። ግማሹ ባዶ ነው፤ ብዙ ነጋዴ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ ነው የሚለጥፈው። የተጻፈውም ቢሆን የመጨረሻው ዋጋ አይደለም፤ ታይዋን ሄደህ ትንሽ ከተከራከርክ «ላንተ ስል» ተብሎ ይወርዳል። እሱን የሚያነብ ፓይተን የለም።

ተፎካካሪዎቹም አልተኙም። ጠዋት ጠዋት አንድ ጎረምሳ ይመጣል፣ የA15ን ዋጋ ይጠይቃል፣ ምንም ሳይገዛ ይሄዳል። ወዳጄ ሰሞኑን የሁሉንም ስልክ ዋጋ አትሞ ይሰጠው ጀምሯል። ከእያንዳንዱ ላይ ግን 500 ብር ጨምሮ ነው።