ክቡራትና ክቡራን

የመክፈቻ ንግግር አጀማመር እንደ ቅዳሴ ሥርዓት አለው። ከላይ ወደ ታች ነው የሚወረደው፦ ፓትርያርኩ ካሉ «ብፁዕ ወቅዱስ»፣ ሚኒስትሩ «ክቡር»፣ የምክር ቤት አባሉ «የተከበሩ»። በአምባሳደሮች መካከል ደግሞ በ1961 እ.ኤ.አ. የቪየና ስምምነት መሠረት ሥራ ቀድሞ የጀመረው ይቀድማል። ቀልድ የለም።

በቅርቡ አንድ የቦኖ ውሃ ሲመረቅ ነበርኩ። ተናጋሪው የቢሮ ኃላፊውን፣ የዞኑን፣ የወረዳውን፣ ምክትሎቹን፣ የቀሩትንም በተወካዮቻቸው በኩል አከበሩ። «ውድ እንግዶቻችን» ሊሉ ሲሉ አቧራ ያስነሳች ላንድክሩዘር ቆመችና ከሁሉም በላይ የሆኑት ሰውዬ ወረዱ። ጨዋ ሰው ምን ያደርጋል? እንደገና ከላይ ጀመሩ። ልክ ናቸው፤ አንድ ክቡር ከቦታው ከተንሸራተተ ውሃው ሽቅብ ሊፈስ ይችላል። ተከታዮቹ አራት ተናጋሪዎችም፣ ሳይከበር ያመለጠ እንዳይኖር፣ ዝርዝሩን ከአናቱ ደገሙት።

ቢጫ ጀሪካን ይዘው ከማለዳ የተሰለፉት እናቶች «ውድ የአካባቢው ነዋሪዎች» ተብለው መጨረሻ ላይ ተነሡ። ሪባኑ ተቆረጠ፤ ክቡራኑ በየደረጃቸው እጃቸውን ታጠቡ። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ስድስት ሰዓት ላይ ሄደ።