ወራጅ አያት፦ ስለ ሦስተኛው ስም የተደረገ አነስተኛ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

ይህ ጥናት የተካሄደው በአንድ መሥሪያ ቤት፣ መስኮት ቁጥር 4 ፊት ለፊት፣ ቆሞ ነው። ናሙናው አንድ ሰው ሲሆን እሱም አጥኚው ራሱ ነው። መረጃው የተሰበሰበው በቃለ መጠይቅ ነው፤ ጠያቂዋ ግን ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ልጅ ነበረች።

«ስም?» አለችኝ። ነገርኳት። «የአባት?» ነገርኳት። «አያት ማን ልበል?»

የሄድኩት የውሃ ቆጣሪ ለማስቀየር ነው። አያቴ ውሃ ይቀዱ የነበረው ከወንዝ ነው፤ ቆጣሪ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ቢሆንም ያለ እሳቸው ስም ቆጣሪው አይቀየርም። «ስም ከነአያት» የምትለዋን ሐረግ ስንሞላ የኖርነው ለምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ነው። ወረፋው ረጅም ስለነበረ አጥኚው ለመጠየቅ በቂ ጊዜ አግኝቷል።

ግኝት አንድ፦ አያት ወንፊት ናቸው

መንግሥት አያታችንን የሚጠይቀው ናፍቆት ይዞት አይደለም። ጉዳዩ የስሌት ነው። አንድ ቀበሌ 8,000 ወንዶች አሉት እንበል። ከየ20ው አንዱ አበበ ይባል፤ ይህን ቁጥር ለስሌት ያህል የፈጠርነው እኛ ነን። 400 አበበዎች አሉ ማለት ነው። «አቶ አበበን ፈልጉልኝ» ያለ ሰው 400 በር ያንኳኳል። አባትየውን ስንጨምርና ከ20ው አንዱ ከበደ ሲሆን 20 አበበ ከበደዎች ይቀራሉ። እነዚህ አሁንም አንድ የዕቁብ ማኅበር ይሞላሉ። አያትየው ሲጨመሩ ከ20ዎቹ አንድ ሰው ብቻ በወንፊቱ ላይ ይቀራል፦ አበበ ከበደ ተሰማ። የውሃው ዕዳ የእሱ ነው።

አያት ከሞቱ በኋላም በሥራ ላይ ናቸው የሚባለው ለዚህ ነው። ደመወዝም ጡረታም ሳይጠይቁ አንዱን አበበ ከሌላው ይለያሉ።

ወንፊቱ ግን ቀዳዳ አለው። ስም እንደ ልብስ ፋሽን አለው፤ በአንድ ዘመን የተወለዱ አያቶች ስማቸው ይመሳሰላል። በአንድ ደብር ዙሪያ ያደጉ ከሆነ ደግሞ ግማሾቹ የዚያው የታቦቱ አገልጋይ፣ ባሪያ ወይም ልጅ ተብለው ተሰይመዋል። ይህ የደረሰበት መሥሪያ ቤት የቅጹን ቀጣይ መስመር ይከፍታል፦ «የእናት ስም ከነአያት»። አጥኚው የእናቱን አያት ለማግኘት ለአክስቱ ስልክ ደውሏል። አክስቱም መልሱን የሰጡት ለምን እንደማይጠይቃቸው 20 ደቂቃ ያህል ከወቀሱት በኋላ ነው።

ሽማግሌዎቻችን በዚህ ረገድ ከቅጹ ይብሳሉ። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሦስት ላይ ቆሞ የሚረካው መንግሥት ብቻ ነው።

ግኝት ሁለት፦ አያት ተሳፋሪ ናቸው

ውጭ አገር የሚጠብቀን ሁለተኛው ጥያቄ «የቤተሰብ ስማችሁ ማነው?» የሚለው ነው። መልሱ «የለንም» ነው። ይህ መልስ ግን ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ሰው ያስደነግጠዋል፤ ቤት የለንም ያልነው ይመስለዋል።

«አበበ ከበደ» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሲተነተን «አበበ፣ እሱም የከበደ ልጅ» ማለት ነው። «አቶ ከበደ» ብሎ የጠራው ሰው አባትየውን ነው የጠራው። ውጭ አገር ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቅ አበበ በዚህ ስም ሲጠራ ዞር ብሎ በሩን ያያል። ሽማግሌው የተቀበሩ መሆናቸውን የሚያስታውሰው ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ነው።

ስማችን የታክሲ የኋላ ወንበር ነው፤ የሚይዘው ሦስት ሰው ነው። ሰላም የምትባል ልጅ ስትወለድ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይባላል። ሰላም ትቀመጣለች፣ አበበ ወደ መሐል፣ ከበደ ወደ መስኮቱ ይጠጋሉ። ተሰማ «ወራጅ አለ» ይሉና ይወርዳሉ። በየትውልዱ አንድ ይሳፈራል፣ አንድ ይወርዳል። ሴት ልጅ ስታገባም ወንበሩን አትለቅም፤ ባሏ የራሱ ወንበር አለው።

ይህን ለማስቆም ተሞክሯል። ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም አለው ይላል። በመንግሥት ጽሑፎችም የቤተ ዘመዱ ስም አስቀድሞ ይጻፋል ይላል። ሕጉ 3,367 አንቀጾች አሉት። ሕዝቡ ስለ ውል፣ ስለ ውርስና ስለ ድንበር የሚሉትን ይዞ ፍርድ ቤት ተመላልሷል። አንቀጽ 32 ላይ ሲደርስ ግን በጨዋነት አልፎት ሄዷል።

ግኝት ሦስት፦ አያት ባሕር ሲሻገሩ

ችግሩ የሚጀምረው የኋላ ወንበራችን ባለ ሁለት ሳጥን ቅጽ ሲያጋጥመው ነው። አንዱ ሳጥን «የራስ ስም»፣ ሌላው «የቤተሰብ ስም» ይላል። ለሦስት ሰው ሁለት ወንበር።

በዚህ ጊዜ የሚሆነው ነገር በሩጫ ሜዳ ይታያል። ኃይሌ ሲሮጥ የውጭ አገር ዘጋቢዎች «ገብረሥላሴ መራ» ሲሉ ኖረዋል፤ እሱ ዙር በቆረጠ ቁጥር አባቱ ተመስግነዋል። ቀነኒሳና ታሪኩ ወንድማማቾች ስለሆኑ በውጭ ሰሌዳ ላይ ሁለቱም «በቀለ» ናቸው። በ1960 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ጣት ያለው ጫማ ተሠርቶ ለገበያ ሲቀርብ ግን ስሙ «ቢኪላ» ተባለ። እግሩ የልጁ ነበር፤ ጫማው የአባት ሆነ።

ዓለም ሊማር እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተሩን በይፋ «ዶክተር ቴድሮስ» ብሎ ይጠራል። «ጌብረየሱስ» ብለው የሚጽፉ ጋዜጠኞች አያትየውን ስለ ወረርሽኝ ሲጠይቋቸው ከርመዋል። በአይስላንድ ደግሞ ሰው በአባቱ ስም ይለያል፤ የስልክ ማውጫውም በራስ ስም ቅደም ተከተል የተጻፈ ነበር። በስልክ ማውጫቸው እንግድነት የማይሰማን አገር ይህ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጥንድ ስም ነው። ገብረ መድኅን የሚባል ሰው በስሙ መሐል ባዶ ቦታ ከተወ ቅጹ ሁለት ሰው ያደርገዋል፤ «ገብረ» ወደ ራስ ስም፣ «መድኅን» ወደ አባት ስም ይሄዳል። «ገብረ» ማለት የእገሌ አገልጋይ ማለት ነው፤ የማን እንደሆነ ሳይነገር ቀረ። ጌታው ደግሞ አባቱ ሆኗል። ይህ ከአጥኚው ሙያ ውጭ ስለሆነ ለሥነ መለኮት ሊቃውንት ተትቷል። መፍትሔው ግን ምድራዊ ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ገጥሞ GEBREMEDHIN ማለት ነው።

የአሞላል መመሪያ

ፓስፖርት የፎቶው ገጽ ግርጌ ላይ ሁለት መስመር አለው፤ እያንዳንዱ 44 ምልክት ይይዛል። ኤርፖርት ላይ ማሽኑ የሚያነበው እሱን ነው። የአበበ አያት በቤተሰብ ስም ቦታ የገቡ ከሆነ የላይኛው መስመር እንዲህ ይሆናል፦

```
P<ETHTESEMA<<ABEBE<KEBEDE<<<<<<<<<<<<<<<<<<<
```

ከ `ETH` በኋላ እስከ ድርቡ `<<` ድረስ ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የራስ ስም ነው። ነጠላዋ `<` ባዶ ቦታ ናት። ስለዚህ የትኛውም የውጭ ቅጽ ሲመጣ አበበ ባህሉን ማማከር የለበትም፤ ይህን መስመር ያማክር። የቤተሰብ ስም፦ TESEMA። የራስ ስም፦ ABEBE KEBEDE፣ ሁለቱም ባንድ ሳጥን። አባትን «የመሐል ስም» በሚል ሳጥን አስገብቶ በፊደል ብቻ ማሳጠር አይመከርም፤ ባንኩ «K» ማን እንደሆነ ይጠይቃል። የአውሮፕላን ቲኬት ላይ TESEMA/ABEBEKEBEDEMR የሚል ቢያነብም አይደንግጥ። መጨረሻዋ MR ማለት «አቶ» ናት፤ አዲስ ቅድመ አያት አልተገኘም።

ዋናው ሕግ አንዴ የሞሉትን ዕድሜ ልክ መድገም ነው። ቪዛው ላይ አያቱን፣ ትምህርት ቤት አባቱን የቤተሰብ ስም ያደረገ ሰው ከራሱ ጋር ዝምድናውን ማስረጃ አቅርቦ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። ሦስቱንም ስሞች በአንድ ሳጥን ያጨቀ ሰው ደግሞ አሜሪካ ቪዛ ላይ በራስ ስም ቦታ FNU የሚል ያገኛል፤ «የራስ ስሙ አይታወቅም» ማለት ነው። ጎረቤቶቹ ይህን ስም አድርገው «ፍኑ» ብለው ሲጠሩት አቤት ማለት ይለምዳል።

ቤተሰቡ አብሮ ሲጓዝ አበበ TESEMA፣ ልጁ ሰላም KEBEDE፣ ሚስቱ ደግሞ የራሷ አያት ናት። ለኢሚግሬሽን መኮንኑ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ከስምና ከወንበር ይልቅ የልደትና የጋብቻ ወረቀት በእጅ ቦርሳ መያዝ ያዋጣል።

ማጠቃለያ

አንድ ጥያቄ ይቀራል። አበበ ዋሽንግተን ላይ ሌላ ልጅ ወለደ እንበል። ነርሷ የልደት ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ «የቤተሰብ ስም?» ትላለች። ሁሉም ነገር እንዲመሳሰል ብሎ TESEMA ይላል። ያ ልጅ አድጎ ሲወልድም ልጁ TESEMA ነው፤ የልጅ ልጁም እንዲሁ። ወደ እስራኤል በገቡት ቤተ እስራኤሎችም ላይ አብዛኛውን ጊዜ የደረሰው ይኸው ነው፤ አያት የቤተሰብ ስም ሆነው ቀርተዋል።

ተሰማ ከቀያቸው ርቀው ሄደው የማያውቁ፣ በመንገዱ ደንብ መሠረት ሰላም ስትወለድ ከወንበሩ የወረዱ ሰው ናቸው። ለመውረድ ተዘጋጅተው ሳለ ታክሲው አውሮፕላን ሆኖ ተነሣ። አሁን ፈልገውም ባይሆን የአንድ ሥርወ መንግሥት መሥራች ናቸው። ከበደ ደግሞ ወርደዋል፤ ማን እንዳወረዳቸው አልተነገራቸውም።

አጥኚው የውሃ ቆጣሪው ተቀይሮለታል። በደረሰኙ ላይ ግን ቦታ ስላልበቃ የአያቱ ስም እስከ ሦስተኛው ፊደል ድረስ ብቻ ታትሟል።