የትንንሾቹ እንስሳት ጉዳይ

እህቴ ሰብለ ፍራንክፈርት ከገባች ጀምሮ የቤተሰቡ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እኔ ነኝ። ለሹመቱ ያበቃኝ ከብዙ ዓመት በፊት አዲስ አበባ፣ ጎተ ኢንስቲትዩት የወሰድኩት የጀማሪዎች ኮርስ ነው። እዚያ የሚማሩት ቡና ማዘዝ፣ ሰዓት መጠየቅና በዝናብ ማማረር ነው። ይህን ለእናቴ ማስረዳት አልተቻለም። «ልጄ ጀርመንኛ ያውቃል» ካለች ያውቃል፤ አለቀ።

አንድ ሰኞ ማታ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶ ወደቀ። ከሶስና ትምህርት ቤት የተላከ ደብዳቤ ነው። ሶስና የእህቴ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ናት። ደብዳቤው በቦርሳዋ ውስጥ ከሙዝ በታች ሰንብቶ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ነው የወጣው። ሰብለ የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ መብራቱ ሥር አነሳችው፤ የራሷ ጥላ ግማሹን ገጽ ሸፈነው፣ እጥፋቱ አንድ መስመር ሙሉ ዋጠ፣ የወረቀቱ ግርጌ ደግሞ ከፎቶው ውጪ ቀረ። ከሥሩ እንዲህ የሚል መልእክት አለ፦ «ጋሼ፣ ምን ይላል? ሶስና ‹ስለ ትንንሽ እንስሳት ነው፤ መምህራችን ማንም እንዳያፍር ብላለች› ትላለች።»

ባሏ ቢኖር እሱን ትጠይቅ ነበር ትሉ ይሆናል። ባሏ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው፤ ደግሞም የሱ ጀርመንኛ የመጋዘን ጀርመንኛ ነው። «ተጠንቀቅ»፣ «ወደ ግራ»፣ «ማን ነው እዚህ ያቆመው?» የሚሉትን አሳምሮ ይላቸዋል። ከትምህርት ቤት የሚመጣ ደብዳቤ ላይ ግን ማንም ወደ ግራ አይልም።

ሰብለ አገር ቤት ሳለች ሂሳብ ሠራተኛ ነበረች። የሰነዱ ቋንቋ ባይገባትም ሰነድነቱ ይገባታል። እኔ መልስ እስክሰጥ አልጠበቀችም፤ እንደለመደችው ከቁጥሮቹ ጀመረች። ከላይ ቀን አለ። ቀጥሎ «ውድ ወላጆች» የሚለው ሰላምታ፤ እሱን ከሁሉም ደብዳቤ ላይ ስለምታገኘው ታውቀዋለች። ጠቆር ብለው የተጻፉ ቃላት አሉ፤ የጠቆረ ነገር ወይ ገንዘብ ነው ወይ የመጨረሻ ቀን። ከዚያ 1፣ 5፣ 13 እና 17፤ በመሃል ደግሞ «ከ8 እስከ 10» የሚል አለ። ወረድ ብሎ 3። ከእሱ በታች፣ ከእጥፋቱ አጠገብ፣ 600። ከቃላቱም ከገበያ የምታውቃቸውን ለቀመች፦ ማበጠሪያ፣ ፎጣ፣ ፕላስቲክ ከረጢት።

በዚህ ሁሉ ላይ የልጅቱ «ትንንሽ እንስሳት» ሲጨመር ሂሳቡ ተዘጋ። ልጆቹ ወደ እንስሳት ማቆያ ይወሰዳሉ። አምስት ጊዜ ይሄዳሉ። ውኃ ነገር ስላለ ፎጣና ማበጠሪያ ይዘው ይመጣሉ፤ እርጥቡ ልብስ በፕላስቲክ ይታሰራል። ዋጋው 600 ዩሮ።

ግሩፑ ተናወጠ። አጎታችን በድምፅ መልእክት መጡ፦ «ለዝንጀሮ 600 ዩሮ? እኛ አንበሳ ግቢ ስንገባ አንበሳው ራሱ እንዲህ አልጠየቀም!» እናቴ ደግሞ የበለጠ ቆጣቢ ሐሳብ አቀረበች፦ «ልጅቱን ይዛት ትምጣ። ሰሜን ወስደን ጭላዳ እናሳያታለን፤ በተረፈው ገንዘብ ሁላችንም እንሄዳለን።»

እኔ የያዘኝ ያ 600 ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ገጽ ደብዳቤ 600 ዩሮ አይጠይቅም፤ ይህን ለማወቅ ጀርመንኛ አያስፈልግም። ስለዚህ ሰብለን ፎቶውን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንድትልከው ጠየቅኳት። ቴሌግራም ፎቶን ሲያስተላልፍ ይጨምቀዋል፤ ፊት ቢሆን ችግር የለውም፣ ደቃቅ ጽሑፍ ግን ጠርዙ ይሟሟል፤ ከፊደል አናት ላይ ያለ ነጥብና ክብ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ናቸው። ደግሞ ወረቀቱን መጽሐፍ ሥር አስተኝታ እጥፋቱን እንድታቃና፣ መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን እንድታደርግ፣ አራቱም ማዕዘኖች እስኪታዩ ድረስ ስልኩን ቀጥ አድርጋ ከፍ እንድትል ነገርኳት። «እሺ፣ የፓስፖርት ፎቶ ነው እንዴ?» ብላ አጉረመረመች፤ ግን አደረገችው።

ሁለተኛው ፎቶ ሲመጣ 600 አልነበረም። 60 ነበር፤ ከቀኝ አናቱ ላይ ትንሽ ክብ ተቀምጣለች። ስልሳ ዲግሪ! ሰብለ ወዲያው ገባት፤ በልብስ ማጠቢያ ማሽኗ ላይ ይኸው ቁጥር ከነክቡ አለ። ቤተሰቡ 540 ዩሮ ያተረፈ መስሎት ተደሰተ። አጎታችን ግን አልተረጋጉም፤ «ታዲያ እንስሳቱን ነው የሚያጥቧቸው?» አሉ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ኮርስ ለአንዲት ደቂቃ ያገለገለው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ጀርመኖች ግን በዓረፍተ ነገር መካከል እንኳን የማንኛውንም ነገር ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። ለማያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ ግሱንና ቅጽሉን ትቶ ትልልቅ ፊደሎቹን ብቻ ቢለቅም ደብዳቤው ስለምን እንደሚያወራ ያገኛል። ረጅሙን ቃል ደግሞ አይፈሩትም፤ ይቆርጡታል፤ ሁለት ሦስት ስም ተጣብቆ ነው። «ሰብለ፣ ትልልቆቹን ብቻ አንብቢልኝ» አልኳት። ጸጉር። ትራስ። ማበጠሪያ። ባርኔጣ። ሐኪም። ከዚያ በርዕሱ ላይ አንድ ረጅም ቃል፤ የፊተኛው ግማሹ «ራስ» ነው፤ ይህን ኮርሱ ላይ ራስ ምታት ሲያስተምሩን ሰምቼዋለሁ። የኋለኛውን ግማሽ አላወቅሁትም። ራስ ላይ ያሉ፣ ትራስ የሚያሳጥቡ፣ ማበጠሪያ የሚያስገዙ፣ ማንም ሊያፍርባቸው የማይገባ ትንንሽ እንስሳት።

ግሩፑ ላይ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ እናቴ ጻፈች፦ «ቅማል!»

ወዲያው ደግሞ፦ «ጀርመን ሄዳ ቅማል?»

የእናቴ ሐዘን ጥልቅ ነበር፤ ምክንያቱም በእሷ ግምት ቅማል ከድህነት ጋር እንጂ ከቪዛ ጋር አይሄድም። ርዕሱ ከታወቀ በኋላ የቀረውን ቃል በቃል ስንፈታው ግን ደብዳቤው ከእሷ ጋር አይስማማም። ንጹሕ ጸጉርም ይይዘዋል፤ ቅማል አይዘልም፣ አይበርም፤ ልጆች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሲጫወቱ በእግሩ ይሻገራል። ደግሞ ጉዳዩ የሕግ አንቀጽ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የጀርመን የተላላፊ በሽታዎች መከላከያ ሕግ አንቀጽ 34 ወላጅ በልጁ ራስ ላይ ቅማል ሲያገኝ ለትምህርት ቤቱ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አጎታችን በዚህ ተደመሙ፦ «ይህ ነው መንግሥት ማለት! ለቅማል አንቀጽ 34!»

አሁን ቁጥሮቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። 1፣ 5፣ ከ8 እስከ 10፣ 13፣ 17 የወሩ ቀናት አይደሉም፤ መድኃኒቱ ከተቀባበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠሩ ናቸው። መድኃኒቱ ቅማሉን ይገድላል፤ ቅጫሙን ግን ሙሉ በሙሉ አይጨርሰውም። የተረፈው ቅጫም በሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ስለዚህ ከ8ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ይቀባል፦ ሁሉም ተፈልፍሎ ካለቀ በኋላ፣ አዲሶቹ ግን አድገው እንቁላል ሳይጥሉ። ቀድሞ የቀባ ያልተፈለፈለውን ያመልጠዋል፤ የዘገየ ከአዲስ ትውልድ ጋር ይተዋወቃል። በቀሩት ቀናት ጸጉሩ ረጥቦ፣ ኮንዲሽነር ተቀብቶ፣ ጥርሱ እጅግ በተጠጋጋ ማበጠሪያ ይበጠራል፤ የተረፈ ካለ ይታያል። ፎጣው ለዚያ ነው፤ ማበጠሪያው በእያንዳንዱ ምት ይጠረግበታል።

ሰብለ ይህን ስትሰማ ነፍስ ዘራች። ሠንጠረዥ አወጣች። ማክሰኞ ማርች 4 ከተቀባ፣ ቅዳሜ 8 ማበጠር፣ ረቡዕ 12 ሁለተኛው ቅባት፣ እሑድ 16 ማበጠር፣ ሐሙስ 20 የመጨረሻ ፍተሻ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ቅማል አላት ወይ?» አልኳት። ለካ ማንም አላየም።

እናቴ የቪዲዮ ጥሪ አዘዘች። ሶስና ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ መብራት ሥር ተቀመጠች። ሹሩባዋ ሲፈታ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ የአበሻ ልጅ ቅማል ፍለጋ እንደ ጀርመኗ ጓደኛዋ በአንድ ማበጠሪያ ምት አይጀመርም። እናቴ ከሽሮ ሜዳ ሆና ትመራለች፦ «ከጆሮዋ ጀርባ! ማጅራቷ ላይ! ወደ ብርሃኑ አዙሪያት!» ከጆሮዋ ጀርባ አንዲት ነጭ ነገር ታየች። ሰብለ ፎረፎር ነው አለች። እናቴ አልተቀበለችም፤ «ፎረፎር ነክተሽው ይወድቃል። ሳቢው!» ሰብለ ሳበችው፤ ጸጉሩን የሙጥኝ ብሎ ቀረ። ለራስ ቆዳዋም የተጠጋ ነበር፤ ከራስ ቆዳ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ የራቀ ቅጫም አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቅርፊት ነው፣ ይኼ ግን ገና ሥራ ላይ ያለ ነው። ሶስና በኩራት «አለኝ?» አለች።

ያመለጠን የወረቀቱ ግርጌ ነበር። በሁለተኛው ፎቶ ላይ የነጥብ መስመርና የመቀስ ሥዕል ይታያል፤ ተቆርጦ የሚመለሰው ክፍል ማለት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከደብዳቤው ሁሉ የሚፈልገው እሱን ብቻ ነው። ሁለት ሣጥን አለው፦ ልጄን መርምሬ ምንም አላገኘሁም፤ ወይም አግኝቼ አክሜያለሁ፣ በ8ኛውና በ10ኛው ቀን መካከልም እደግመዋለሁ። ፊርማ። ሰብለ ሁለተኛውን ልታጨልም ስትል አስቆምኳት፤ «አክሜያለሁ» የሚለው ካከምሽ በኋላ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ልጅቱ ቤት ዋለች። ሐኪም ዘንድ ሄደው ማዘዣ ወሰዱ፤ ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የታዘዘውን የጤና መድኑ ይከፍላል። መድኃኒቱ የሲሊኮን ዘይት ነው፤ ቅማሉን በመርዝ ሳይሆን የመተንፈሻ ቀዳዳውን ደፍኖ ነው የሚገድለው። አንዳንዱ ዓይነት እሳት ይይዛል፤ ስለዚህ የሰብለ የቡና ከሰል ያን ቀን በረንዳ ላይ ዋለ። በአግባቡ ከተቀባ በማግስቱ ትምህርት ቤት መሄድ ይቻላል፤ ረቡዕ ጠዋት ሶስና የተቆረጠውን ወረቀት ይዛ ሄደች።

የቀረው 3 ነበር። በ60 ዲግሪ የማይታጠብ ነገር በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ 3 ቀን ይቀመጣል፤ ቅማል ከሰው ራስ ተለይቶ፣ ደም ሳያገኝ ያን ያህል አይቆይም። ሰብለ ይህን አንቀጽ ሙሉ ሥልጣን አድርጋ ወሰደችው። የሶስናን ሻርፕ፣ ድቧንና የባሏን የሱፍ ባርኔጣ ማክሰኞ ቀትር ላይ አስራ አስቀመጠች። ባሏ ራሰ በራ ነው፤ ቢሆንም ልጅቱ በባርኔጣው ትጫወታለች። ማታ ለፈረቃው ሲነሣ ባርኔጣውን አጣ።

«ባርኔጣዬስ?»

«እስከ ዓርብ ታስሯል።»

«ምን አድርጎ?»

«በአንቀጽ 34።»