ጨረቃዋ እስክትደርቅ

ሮያል አይሲንግ የዱቄት ስኳር ከእንቁላል ነጭ ጋር ተመትቶ የሚወጣ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር የኩኪስ ልባስ ነው። ለግማሽ ኪሎ ስኳር የሁለት ትልልቅ እንቁላሎች ነጭና ጥቂት የሎሚ ጠብታ ይበቃል። የቀረው የውሃ ጉዳይ ነው፤ የሚጨመረው በማንኪያ ጫፍ፣ የሚያስለቅሰው ግን በባልዲ ነው።

ጅዳ ውስጥ ለዒድ አልፈጥር የሚሠራ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሰማይ ላይ ነጭ ጨረቃ ያለበት ኩኪስ ሁለት ዓይነት ውፍረት ይፈልጋል። ጠርዙ የሚሰመርበት ወፈር ይላል፤ ማንኪያው ሲነሳ ጫፉ ይቆምና ጎንበስ ይላል። ከዚያ በላይ ከወፈረ መስመሩ ይበጣጠሳል፤ ከቀጠነ ሰማዩ ከኩኪሱ ወርዶ ትሪው ላይ ይተኛል። መሙያው የሚለካው በቆጠራ ነው። ሳህኑ ውስጥ እንዳለ በቢላ ይሰመርበትና መስመሩ ጠፍቶ ፊቱ እስኪስተካከል ይቆጠራል። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ከፈጀ ደርሷል። ቸኩሎ የሚቆጥር ሰው ግን ሁልጊዜ የወፈረ ነው የሚመስለው፤ ውሃም ይጨምራል። የጨረቃዋ ሹል ጫፎች እስከ 20 የሚያስቆጥር ይወዳሉ፤ ጠባብ ቦታ ላይ የፈሰሰ ቀጭን አይሲንግ ሲደርቅ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳልና።

ጠርዙ በሩብ ሰዓት ቆዳ ያበጃል፤ ያኔ ይሞላል። የተሞላው ሰማይ አንድ ሰዓት ሳይሞላው የደረቀ ይመስላል፤ ማስመሰል ነው። መሀሉን በጣት ሲነኩት ከቀዘቀዘ ውሃው ገና እየተነነ ነው። በቂ የሚሆነው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሲሆን፣ ጅዳ ቀይ ባሕር ዳር ስለሆነች እርጥበቷ ሲበረታ አንድ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ያለጊዜዋ የወጣች ነጭ ጨረቃ ሰማያዊ ጢም ታበቅላለች። ከባሕሩ ራቅ ያለችው መካ አየሯ ደረቅ ነው፤ እዚያ ኩኪሱ ቶሎ ይደርቃል፣ ሳህን ውስጥ ያለው አይሲንግም አብሮ ስለሚደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል።

የሰማይዋ ጨረቃ በረመዳን 29 ምሽት ልትታይ ስለምትችል የኩኪሱ ሰማይ 27 ላይ ይሞላል፣ ጨረቃዋ 28 ላይ ትወጣለች። ሌሊቱን ኤሲው ይሠራል፣ ማራገቢያም ከኩኪሱ ፊት ይቆማል፤ ፊቱ ቶሎ ሲጠና ወዙን አያጣም። ፍሪጅ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲወጣ ያልበዋል። በኤሲ የቀዘቀዘ ኩኪስም ወደ ጅዳ ሙቀት ገልጠው ቢያወጡት ጤዛ ይዞ ይዥጎረጎራል። ስለዚህ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ካርቶኑ ይታሸጋል፤ የሚከፈተውም ደንበኛው ቤት ደርሶ ሙቀቱን ከለመደ በኋላ ነው፣ ልጆቹ ከፈቀዱ።