ሦስት ቃለ አጋኖ

«አስቸኳይ!!! ገዳዩ አተት ሰፈራችንን ወሮታል!!! በሰዓታት ውስጥ ይገድላል!!! ከውሃ፣ ከምግብና ከሰው ተጠንቀቁ!!!»

የእድራችን ጸሐፊ ይህን በቀይ ጽፈው አዳራሹ በር ላይ ለጠፉት። ከውሃ፣ ከምግብና ከሰው የተጠነቀቀ ነዋሪ ምን ይዞ እንደሚኖር ግን አልጻፉም።

ሰፈሩ ክፍት ቦታውን በራሱ ሞላው። እስከ ማታ ድረስ ነጭ ሽንኩርት ከሱቅ ጠፋ። አንድ ጎረቤቴ በባዶ ሆዱ አረቄ ጀመረ፤ ከማስታወቂያው በፊትም ይጀምር ነበር፣ አሁን ግን ሰበቡ ሕክምና ሆነለት። ይህ ያስቃል። የማያስቀው፣ ልጇን ተቅማጥ የያዘባት አንዲት እናት «ገዳዩ ያለበት ቤት» እንዳትባል በሯን ዘግታ መቀመጧ ነው። ፍርሃቱ ደረሳት፤ ልጁን ምን እንደምታጠጣው ግን ከማስታወቂያው አላገኘችም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወረቀቱን ነቅላ ጸሐፊው ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ እንደገና እንጻፈው።»

«ታዲያ ሕዝቡን ልዋሸው ነው?» አሉ። ቀድሞ ሹመኛ ነበሩና ሁለተኛውን መንገድ አላጡትም፤ ወዲያው ከአፋቸው ወጣ፦ «መጠነኛ የሆድ ሕመም ምልክት የታየ ቢሆንም ኅብረተሰቡ ሳይደናገጥ መደበኛ እንቅስቃሴውን እንዲቀጥል...» ይህኛው ቀዩን ያስመሰግናል። «አትደናገጡ» ሲባል የማይደነግጥ ያገሬ ሰው አላየሁም፤ ደግሞም ቀብር ከወጣ በኋላ ያንኑ እጅ የጻፈውን ማን ያምናል?

እሷ አላለሳለሰችም። «በሰዓታት ውስጥ ይገድላል» እውነት ነው፤ አልሰረዘችውም፣ ግማሽ ሆኖ የቀረውን ሞላችው፦ «ከባድ አተት ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ከመቶ ታማሚ አንድ እንኳ አይሞትም።» የሚገድለው ከሰውነት የሚወጣው ውሃና ጨው ነውና ቀጣዩ መስመር መተኪያው ሆነ፦ «አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉ።» «አንድ ሊትር» የሚለውን አስምራበታለች፤ ቶሎ እንዲሠራ ብሎ ሙሉውን ከረጢት በአንድ ብርጭቆ የሚበጠብጥ ሰው ታውቃለች፤ ጨው የበዛበት ደግሞ ሕፃንን ይጎዳል።

«ወሮታል» ላይ ሲደርሱ «ስንት ሰው ታሟል?» አለች።

«ከወንዙ ዳር ሦስት።»

«ሦስት ብለን እንጻፋ።»

«እንግዲያስ የማን ቤት እንደሆነም ይጻፍ፣ ሰው ይጠንቀቅ።»

«ቤቱ ከተጠራ ጋሼ፣ አራተኛውን ታማሚ ማንም አያሳየንም።»

ጸሐፊው ጢማቸውን አሻሹ። አጠገባቸው የነበርኩት እኔ የተዘጋው በር ትዝ አለኝ፤ እሳቸውም ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፣ አልተከራከሩም።

«ከሰው ተጠንቀቁ» ግን ጨርሶ ወጣ። በሽታው የሚገባው በአፍ ነው፤ በሰገራ በተበከለ ውሃና ምግብ፣ ባልታጠበ እጅም። ስለዚህ እንዲህ ተጻፈ፦ «የምትጠጡትን ውሃ አፍሉ፤ ወይም ውሃ አጋር መመሪያው እንደሚለው ጨምሩበት። ጥሬ ነገር አትብሉ። ከመጸዳጃ ቤት መልስና ምግብ ከመንካት በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የታመመውን አትሽሹ፤ ካስታመማችሁ በኋላ ታጠቡ። የሚጠባ ሕፃን መጥባቱን አያቋርጥ።»

«መቼ ጤና ጣቢያ እንሂድ?» ለሚለው «ሲከፋ» ብላ አላለፈችም፤ ለአንዱ የሚከፋው ለሌላው ነገ የሚድን ነውና። «እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ተቅማጥ ከበዛ፣ ዓይን ከጎደጎደ ወይም ሽንት ካነሰ ኦአርኤሱን እያጠጣችሁ ወዲያው ውሰዱት። ለጥያቄ 8335 ደውሉ» አለች። ከታች ቀኑንና ቀጣዩ መረጃ መቼ እንደሚለጠፍ ጨመረችበት። ያለዚህ መስመር ወሬው ክፍተቱን ማታውኑ ይሞላዋል።

ጸሐፊው በሰማያዊ ገለበጡት። «ቢያንስ አንድ ቃለ አጋኖ?» ብለው ለመኑ፤ «አስቸኳይ» ላይ አንድ ተፈቀደላቸው።

በማግስቱ ያቺ እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ታየች። በዚያው ማታ ደግሞ ቨርጂኒያ ያለች አክስቴ እያለቀሰች ደወለች፦ «ሰፈሩ ተወሯል አሉ፣ ውሃ እንዳትጠጣ!» ቀዩ ወረቀት በቴሌግራም አትላንቲክን ተሻግሯል። ሰማያዊውን ፎቶ ያነሳው ሰው ግን የለም፤ አንብቤላት ስጨርስ «ታዲያ ይሄ ምን ወሬ ነው?» አለችኝ።