ህዳር 1ን የመረጠው ብልህ

ደምበጫ ውስጥ ካርድ የማይሞላ ሰው መባል ደስ ይለኛል። ሱቅ ደጃፍ ላይ "የሃምሳ ብር ካርድ ስጠኝ" የሚሉትን ሳልፍ እግሬን ቀስ አደርጋለሁ፤ ምናልባት የሚጠይቀኝ ቢገኝ። ከተጠየቅሁ መልሴ ዝግጁ ነው፦ "የእኔ ድኅረ ክፍያ ነው፣ በወር ቢል ይመጣልኛል።" ቢሉን አንብቤው እንደማላውቅ ግን ለማንም አልተናገርሁም። ታች ያለችውን ቁጥር ብቻ አይቼ፣ ቅንድቤን ሰብሰብ አድርጌ እከፍላለሁ። ቅንድብ መሰብሰቡ ያነበበ ያስመስላል።

ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ የ300 ብሩን ወርሃዊ ጥቅል ትቼ ወደ 600 ብሩ ለማደግ ወሰንሁ። ብልህ ነኝና ወር መሀል ላይ ቀይሬ ሂሳቡ እንዳይደበላለቅ ህዳር 1ን ጠበቅሁ። ከዚያ ቢሉ መጣ፦ 736 ብር ከ58 ሳንቲም።

ቢሮው ሄድሁ። ወረፋ ላይ ላሉት ሁሉ ስለ ዝርፊያ ንግግር አደረግሁ፤ አንድ ሽማግሌ "እውነቱን ነው" ሲሉኝ ድምፄን ጨመርሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቱ ወረቀቱን አየችና "ጋሼ፣ የትኛው ወር 1?" አለችኝ።

ቢሉ የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው። አናቱ ላይ "ከኖቬምበር 1 እስከ 30" ይላል፤ ህዳር 1 ደግሞ ኖቬምበር 10 ነው። እኔ የወሩን መባቻ ጠበቅሁ ብዬ ስኮራ፣ ለቢሉ ወሩ ሊጋመስ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው። ስለዚህ አሮጌው ጥቅል የ9 ቀን ድርሻውን ወሰደ፤ 300 ለ30 ተካፍሎ በ9 ሲባዛ 90 ብር። አዲሱ ለቀሩት 21 ቀናት 420። ሁለቱ 510 ናቸው፤ እስከዚህ ከጠበቅሁት 600 ያነሰ ነው። ልጅቱ ይህን ስትነግረኝ ወደ ወረፋው ላለመዞር አንገቴን አደነደንሁ።

ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው። ብሩ በቀን ሲሸነሸን ደቂቃውም አብሮ ይሸነሸናል። አሮጌው ጥቅሌ ለወር 500 ደቂቃ ነበረው፤ የ9 ቀን ድርሻው 150 ብቻ። እኔ በነዚያ 9 ቀናት 350 ደቂቃ አውርቻለሁ። ከማን ጋር? ቡሬ ካለው አማቼ ጋር፣ ስለ በቆሎ ዋጋ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ የጎደለው ክርክር ነው፤ በቆሎውንም አልገዛሁትም። ትርፉ 200 ደቂቃ በ50 ሳንቲም ሂሳብ "ከጥቅል ውጭ ጥሪ" ተብሎ 100 ብር ተጻፈብኝ። ጥቅሉን ሳልቀይር ብቀር ኖሮ 350ዋ 500ው ውስጥ ገብታ ትቀር ነበር።

610 ደረስን። እዚህ ላይ ክብሬን ላስመልስ ብዬ እስክሪብቶ አወጣሁ። ኤክሳይዝ ታክስ 5፣ ቫት 15፣ በድምሩ 20 በመቶ፤ የ610 ሃያ በመቶ 122፤ ጠቅላላው 732። "ታዲያ 4 ብር ከ58 ሳንቲሟ የት ገባች?" አልሁ፣ ወረፋው እንዲሰማ አድርጌ።

ልጅቱ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱ ግብሮች አይደመሩም፣ አንዱ በሌላው ላይ ይጫናል። መጀመሪያ ኤክሳይዙ በ610 ላይ ይሰላል፣ 30 ብር ከ50። ቫቱ የሚሰላው ኤክሳይዙ ተጨምሮበት በሚመጣው በ640 ከ50 ላይ ነው፣ 96 ብር ከ8 ሳንቲም። በግብሩ ላይ ግብር ማለት ነው፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ከመቶው ላይ 20 ሳይሆን 20 ከ75 ይወጣል። ሳንቲሞቼ ያሉት እዚያች 75 ውስጥ ነው። የ600ው ማስታወቂያ ግርጌም "ግብርን አይጨምርም" የሚል መስመር ነበረው፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል። መነጽሬን ሰው ፊት አላደርግም፤ ያረጀሁ ያስመስለኛል።

ከፈልሁ። ስወጣ ሽማግሌው "አስመለስህ?" አሉኝ። "ተነጋግረናል" አልኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ቢሉን ከላይ ወደ ታች ነው የማነበው። መጀመሪያ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው እንደሚቆጥር፣ ቀጥሎ የተሸነሸነው ደቂቃዬ ስንት እንደሆነ፣ ግብሩን መጨረሻ ላይ፣ ኤክሳይዙን አስቀድሜ። እቤት፣ በሩን ዘግቼ፣ በመነጽር።

እናንተም ጥቅል ልትቀይሩ ካሰባችሁ፣ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 የሚውለው ዘንድሮ ታኅሣሥ 23 ነው።