ከላስቲኩ ታች ያለው ጉድ

ጅማና አጋሮ ችግኝ ገዢ ዓይኑ ከላይ ነው። ቅጠሉ ይለምልም፣ ቁመቱ ይርዘም እንጂ ስሩን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። እኔ ግን በጓሮዬ የቡና ችግኝ እያፈላሁ ለጎረቤት ስሸጥ ያየሁት ጣጣ ሁሉ የመጣው ከታች ነው።

ዘሩን የምወስደው ከደረሰ ቀይ እሸት ነው። በእጄ ፈልፍዬ በጥላ አደርቀዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣና የከረመ ፍሬ አይበቅልም። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ 74110ን ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አገራችን ከገባ በኋላ፣ በሽታውን ይቋቋማሉ ተብለው ከጅማ አጠገብ ካለው ከመልኮ የምርምር ማዕከል ከወጡት አንዱ ነው።

ዘሩን በታኅሣሥ አካባቢ በጫካ አፈርና በበሰለ ፍግ በተሞላ ላስቲክ፣ ጠፍጣፋ ጎኑን ወደ ታች አድርጌ እዘራለሁ። ሣር አልብሼ በዳስ ጥላ አቆየዋለሁ። ጥሩ ዓመት ከሆነ ክረምቱ ሲጠና ችግኙ ለተከላ ደርሶ ይጠብቀዋል።

አንድ ዓመት ግን ዝናቡ ዘገየ። ገዢ ሁሉ "መሬቱ ይራስ" አለ፣ ችግኙ ግን እድገቱን አላቆመም። በመጨረሻ ጎረቤቴ ሐጂ መጡና ጥግ የቆሙትን ረጃጅሞች መረጡ። "ልጄ፣ ትልቁን ስጠኝ፣ ቶሎ ያፈራል" አሉኝ። አንዱን ሳነሳ ከታች ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዋናው ስር በላስቲኩ ቀዳዳ ወጥቶ መሬት ገብቶ ኖሯል፤ ተበጠሰ። ሐጂ ግን ቁመቱን እንደወደዱት በባጃጅ ጭነው ሄዱ። ከሳምንታት በኋላ መጥተው "ቅጠሉ ተንጠለጠለ" አሉ። ሄጄ አንዱን ቆፍሬ ባሳያቸው፣ ያልተበጠሰውም ስር ላስቲኩ ታች እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ነበር። እንዲህ ያለ ቡና ቢጸድቅ እንኳ ስር ወደ ታች አይሰድም፤ ድርቅ በመጣ ቁጥር ቀድሞ ይጠወልጋል።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲዘገይ ላስቲኮቹን ቶሎ ቶሎ አንስቼ ቦታ አቀያይራለሁ፤ ያኔ ስሩ መሬት አይይዝም። ጥላውንም ቀስ በቀስ አሳሳለሁ። በተከላ ቀን የላስቲኩን ታች ሁለት ጣት ያህል ከነተጠቀለለው ስር በስለት ቆርጦ፣ ቀሪውን ላስቲክ አፈሩ ሳይፈርስ መግፈፍ ነው። ንጹሕ ቁርጥ ያለው ስር አዲስ ጫፍ ያወጣል።

ቁርጡ የማያድነውም አለ። በመደብ ፈልቶ ወደ ላስቲክ ሲዛወር ስሩ የታጠፈበት ችግኝ እጥፋቱ ከአንገቱ በታች ስለሆነ ከታች ቢቆርጡት አይደርስበትም። ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ግንዱን ይዘው ቀስ አድርገው ሲያወዛውዙት አፈሩ ውስጥ ላልቶ ይነቃነቃል። ያንን እንኳን ልሸጠው፣ በነጻም አልሰጥም።